ደወሉ ያቋረጠብኝ ንግግር፦ አንድ ከረጢት ጎመን በየቤታችሁ

ሰኞ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማው በኋላ አምስት ደቂቃ ተሰጠኝ። የጓሮ አትክልት ክበብ ሰብሳቢ ስለሆንኩ ነው። ማይኩ ግማሹን ዋጠብኝ፣ ገና ከረጢቱ ውስጥ ድንጋይ ስለ መደርደር ሳወራ ደግሞ ደወል ተደወለ። በማግስቱ ምን እንደተሰማና ምን እንዳልተሰማ ገባኝ። «ማዳበሪያ ይዛችሁ ኑ» ያልኩትን የሰማ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ በፌስታል ዩሪያ ይዞ መጣ። ጥፋቱ የእኔ ነው። እኛ ባሕር ዳር ከረጢቱንም ማዳበሪያ እንላለን፣ ውስጡ ያለውንም ማዳበሪያ እንላለን። እኔ የፈለግኩት ባዶውን ከረጢት ነበር።

ስለዚህ ንግግሩን ከእነ ቀሪው ጻፍኩት። ከዚህ በታች «ከረጢት» ስል ባዶውን ማለቴ ነው።

ልጆች፣ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። በዚህ መስከረም እያንዳንዳችሁ ቤታችሁ አንድ ከረጢት ጎመን ትከሉ። የትምህርት ቤቱን መደብ ተዉት፣ እሱን ክበቡ ይይዘዋል። እሱም ቢሆን ዕረፍት በመጣ ቁጥር ይደርቃል። አምና በፈተናና በዕረፍት መሃል ውሃ የሚያጠጣ ጠፍቶ ሁለት መደብ ሙሉ ቆስጣ ገለባ ሆነ። ቤት ያለ ጎመን ግን ዕረፍት የለውም። ፊታችሁን ስትታጠቡ ታዩታላችሁ።

ለምን መስከረም? አያቴ መስከረም ሲጠባ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ትላለች። ክረምቱን ሙሉ ጎመን ሲበላ ከርሞ ሰው ሰልችቶታል። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን ጎመን ትከሉ እያልኩ መጣሁ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ክረምት ላይ ጎመን በየጓሮው ስላለ ርካሽ ነው። ዝናቡ ቆሞ ወራት ሲያልፍ ግን ቅዳሜ ገበያ እስሩ ይቀጥናል፣ ዋጋው ይወፍራል። መስከረም መጨረሻ የተዘራ ጎመን ለቅንጠሳ የሚደርሰው ልክ የገና ጾም ላይ ነው። ጾሙ ኅዳር 15 ይገባል። እኔ አምና መስከረም 22 ዘርቼ የመጀመሪያውን ቅጠል የቀነጠስኩት ኅዳር 25 ነው። ከጾሙ አሥር ቀን ብቻ አመለጠኝ።

ለምን ከረጢት? አብዛኞቻችን የምንኖረው ተከራይተን ነው። አከራይ ግቢውን ቆፍሩልኝ አይልም። ከረጢት ግን ሲሚንቶ ላይም ይቆማል፣ ቦታውም የአንድ በርጩማ ያህል ነው።

ከዘሩ እንጀምር።

የአበሻ ጎመን ዘር ፈልጉ። የአትክልት ዘር የሚሸጡ ሱቆች አላቸው። ጎመን የሚተክል ጎረቤት ካለም አንድ የሻይ ማንኪያ ዘር አይነፍጋችሁም፣ ያም ከበቂ በላይ ነው። ብዙዎቻችሁ «ቤት ጎመን ዘር አለ፣ እናቴ ምጣድ የምታሰስበት» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም የመጀመሪያው ዓመት የዘራሁት እሱን ነው። ካልተቆላና ካልተፈጨ ይበቅላል፣ ውሸት አይደለም። ሁለት ጣጣ ግን አለው። አንደኛ፣ መደርደሪያ ላይ ስንት ዓመት እንደተቀመጠ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛ፣ ለዘይቱ ሲባል የተመረጠ ዓይነት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ቅጠል ማብዛቱን ትቶ ቶሎ ወደ አበባ ይሮጣል። የእኔው ገና ስድስት ቅጠል ሳይሞላ ቢጫ አበባ አወጣ። እማዬ አይታው «ለምጣዴ ነው እንዴ የተከልክልኝ?» ብላ ስቃብኛለች።

ዘሩ የትም ይገኝ የት፣ መጀመሪያ ፈትኑት። ሃያ ፍሬ ቁጠሩ። እርጥብ ጨርቅ ላይ በትኑ፣ ጨርቁን አጥፉት፣ ሳህን ላይ አድርጋችሁ ጥላ ቦታ አስቀምጡት። እንዳይደርቅ ጠዋትና ማታ ውሃ እፍ በሉበት። በአምስተኛው ቀን ክፈቱና ነጭ ሥር ያወጣውን ቁጠሩ። አሥራ አምስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ ዘር ነው። አሥር ከሆነ እጥፍ አድርጋችሁ ዝሩ። ከአምስት በታች ከሆነ አትድከሙ፣ ሌላ ዘር ፈልጉ። ይህን ባለማድረጌ ባዶ አፈር ሦስት ሳምንት ሙሉ ውሃ አጠጥቻለሁ። ጎረቤቶቻችን ምን እየጠበቅኩ እንደሆነ ግራ ገብቷቸው ነበር።

ዘሩ በቀጥታ ከረጢቱ ላይ አይዘራም። መጀመሪያ ችግኝ ይፈላል። ትልቁን ሃይላንድ በጎኑ አስተኝታችሁ ላዩን ቁረጡት፣ ታቹን በጋለ ሚስማር ስምንት አሥር ቦታ ብሱት። የተሰነጠቀ ጀሪካንም ይሆናል። የተነፋ አፈርና በደንብ የበሰበሰ ፍግ እኩል ቀላቅላችሁ ሙሉት። በእንጨት ሁለት ቀጭን መስመር አስምሩ። ጥልቀቱ ከትንሿ ጣት ጥፍር አይበልጥ። የጎመን ዘር ከሰናፍጭ ፍሬ የሚተልቅ አይደለም፣ በጥልቀት የቀበራችሁት እንደሆነ አቅም አጥቶ እዚያው ይቀራል። ሠላሳ ፍሬ ያህል ዝሩና ስስ አፈር አልብሱት። የጣሳ ክዳን በስታችሁ በእሱ ውሃ አርከፍክፉበት። በጣሳ ከደፋችሁበት ዘሩ ሁሉ አንድ ጥግ ይሰበሰባል።

ላዩን በደረቅ ሣር ሸፍኑት። አደራ የምላችሁ እዚህ ላይ ነው። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ሣሩን ጠዋት ጠዋት ገለጥ እያደረጋችሁ እዩ። አረንጓዴ ራስ ብቅ ካለ ሣሩን በዚያው ቀን አንሱት። ባለፈው ዓመት አንዷ የክበባችን ልጅ ለሁለት ቀን ዘመድ ጥየቃ ዘጌ ሄዳ ሣሩን ሳታነሳ ቀረች። ስትመለስ ችግኞቹ ክር መስለዋል፣ ነጭና ረጅም ሆነው ተጋድመዋል። ብርሃን ፍለጋ ነው የሚረዝሙት። እንዲህ ከሆነ በኋላ ማቃናት አይቻልም፣ እንደገና መዝራት ነው።

ሌላው የችግኝ ጠላት ፍቅር ነው። የሚወዱት ሰዎች ቀኑን ሙሉ ውሃ ያጠጡታል። ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት የግንዱ ወገብ ይቀጥንና ይጠቁራል፣ ከዚያ ትናንት ቆሞ የነበረው ዛሬ ተኝቶ ይገኛል። ሻጋታ ነው። የወደቀውን ከእነ አፈሩ አውጥታችሁ ጣሉ። የቀረውን በቀን አንዴ ጠዋት ብቻ አጠጡ፣ ነፋስና ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ አድርጉት። ሁለት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጡ ደግሞ በመካከላቸው ሁለት ጣት እስኪኖር አሳሱት። ነቅሎ መጣል ለሚያሳዝነው ሰው መፍትሔ አለ፣ የተነቀለውን ሰላጣ ላይ ጨምሩት፣ ትንሽ ሰናፍጭ ሰናፍጭ ይላል።

ችግኙ አራት ሳምንት ይቆያል። በዚህ መሃል ከረጢቱን እናዘጋጅ።

የሃምሳ ኪሎ ከረጢት ይበቃል። የሩዝ ወይም የዱቄት ከሆነ እንዳለ ተጠቀሙበት። የዩሪያ ከሆነ ውስጡ ስስ ላስቲክ ይኖራል፣ እሱን አውጡት፣ አለዚያ ውሃ አቁሮ ሥሩን ያበሰብሳል። ከዚያ ከረጢቱን ገልብጣችሁ ሁለት ሦስቴ እጠቡት። ስፌቱ ውስጥ የተሰገሰገ ጥቂት ዩሪያ የሕፃን ችግኝ ሥር ለማቃጠል ይበቃዋል። የተባይ መድኃኒት ወይም መድኃኒት የተቀባ ዘር የነበረበትን ከረጢት ግን አትንኩት። አጥቤዋለሁ ብላችሁ እንኳ አትሞክሩ፣ የምትበሉት ቅጠል ነው።

ቦታውን አስቀድማችሁ ምረጡ። የሞላ ከረጢት ውሃ ሲጠጣ ከሰባ ኪሎ ያላነሰ ይመዝናል። ከሞላ በኋላ «ትንሽ ወደዚያ» የሚባል ነገር የለም። የጠዋቱን ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ግን የግድግዳ ወይም የዛፍ ጥላ የሚያርፍበት ቦታ ምርጥ ነው። የመጋቢትና የሚያዝያን የባሕር ዳር ፀሐይ ታውቁታላችሁ። ቢያንስ ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ግን ያስፈልገዋል። ከሥሩ ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጉለት፣ ውሃው እንዲወርድ። ሲሚንቶው ላይ ቀይ ውሃ ይወርዳል፣ ይህን ለአከራያችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

አፈሩን በአምስት ሊትር ጣሳ እንለካው። ስድስት ጣሳ ቀይ አፈር፣ ሦስት ጣሳ የበሰበሰ ፍግ፣ ሁለት ጣሳ አሸዋ። አሸዋ ካጣችሁ ከወረታ የሚመጣው የሩዝ ቅርፊት ይተካዋል፣ እንዲያውም ቀላል ስለሆነ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ግቢያችሁ ጥቁር ዋልካ አፈር ከሆነ አፈሩን አንድ ጣሳ ቀንሱና አሸዋውን አንድ ጣሳ ጨምሩ። ዋልካ ሲረጥብ ጭቃ፣ ሲደርቅ ድንጋይ ነው፣ ከከረጢቱ ጋርም ይላቀቅና ውሃው በጎን በኩል ያመልጣል።

ፍጉ ነገር ላይ ቆም እንበል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ትኩስ እበት አይሆንም። ሲብላላ ይሞቃል፣ ሥር ያቃጥላል፣ ለሆድም ጥሩ አይደለም። ከሦስት ወር በላይ የተከመረ፣ ሽታው የአፈር ሽታ የሆነ፣ እጃችሁን ስትከቱበት የማይሞቅ መሆን አለበት። የዶሮ ኩስ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ ይቆይ፣ መጠኑንም በግማሽ ቀንሱት። ጥርጣሬ ካላችሁ የትምህርት ቤታችን ጥበቃ ጋሼ ያስተማሩኝን ዘዴ ሞክሩ። ጥቂት ፍግ በጣሳ አድርጋችሁ አርጥቡና አሥር የጎመን ዘር ጣሉበት። በአምስት በስድስት ቀን ካበቀለ ፍጉ ደርሷል። ጨርቅ ላይ የበቀለው ዘር እዚህ እምቢ ካለ ፍጉ ገና ነው።

አንድ ልጅ ሰኞ ዕለት እጁን አውጥቶ «እምቦጭስ?» ብሎኝ ነበር። ሐይቁ ዳር በነፃ ተከምሯል፣ ለምን አንጠቀምበትም ማለቱ ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሴ ግን አይሆንም የሚል ነው። የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፣ ከቁራጩም ውሃ ካገኘ እንደገና ያቆጠቁጣል። በብስባሽ ሥራ ላይ ሙቀቱን ለክተው የሚሠሩ ሰዎች ሊጠቀሙበት ይችላሉ። እኛ ግን በባጃጅ ጭነን በየሰፈሩ ቦይ ልናዳርሰው እንችላለን። ቦዩ ደግሞ መልሶ ጣና ነው የሚገባው።

አሁን መሙላት። ታችና ላዩ የተቆረጠ የወተት ጣሳ ያዙ። ቧንቧ መሰለ አይደል? ከረጢቱን ክፈቱና አፉን ወደ ውጭ እጠፉት። ጣሳውን መሃል ላይ አቁሙት። ጣሳው ውስጥ የእንቁላል ያህል የሆኑ ድንጋዮች ሙሉ። የባሕር ዳር ግቢ ጥቁር ድንጋይ አያጣም። በጣሳው ዙሪያ ደግሞ አፈሩን ሙሉና በእጃችሁ ጫን ጫን አድርጉት። ከዚያ ጣሳውን ወደ ላይ ሳቡት፣ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። እንደገና ድንጋይ፣ እንደገና አፈር፣ እንደገና መሳብ። ከረጢቱ ከጉልበት ከፍ እስኪል፣ ወደ ሃምሳ ሳንቲ ሜትር እስኪደርስ እንዲህ ቀጥሉ። በመጨረሻ ጣሳውን አውጡት። መሃሉ ላይ ከታች እስከ ላይ የድንጋይ ዓምድ አላችሁ ማለት ነው።

ደወሉ የተደወለው እዚህ ጋ ነበር። የድንጋዩ ጥቅም እንግዲህ ይህ ነው። ያለ ድንጋይ ውሃ ላዩን ብታጠጡት የላይኛው ስንዝር ጭቃ ይሆናል፣ የታቹ ግን ደረቅ ይቀራል። በጎን የተተከሉት ችግኞች ያልቃሉ። በድንጋዩ በኩል ሲፈስ ግን ውሃው በየደረጃው ወደ ጎን ይሰርጋል። የእኔ የመጀመሪያ ከረጢት ድንጋይ አልነበረውም። ላዩ ላይ ያሉት ሦስቱ ሲፋፉ የጎኖቹ አንድ በአንድ ሞቱ። ስዘረግፈው የታቹ አፈር ልክ እንዳስገባሁት አቧራ ነበር።

የሞላውን ከረጢት ወዲያው አትትከሉበት። በአንድ ባልዲ ውሃ አርሱትና አንድ ሁለት ሳምንት ይቀመጥ። ይወርዳል፣ ጨምሩበት። አረምም ያበቅላል፣ ንቀሉት።

ችግኙ አራት ቅጠል ሲሞላና ግንዱ ደንደን ሲል ይዛወራል። የእኔ ጥቅምት 20 ነበር፣ በተዘራ በ28ኛው ቀን። ከመዛወሩ በፊት ባለው ሳምንት ውሃውን ቀነስ አድርጉበት፣ ይጠነክራል። በዕለቱ ግን ከመንቀላችሁ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ አጠጡት፣ ሥሩ አፈር እንደያዘ እንዲወጣ።

ሰዓቱ ከአሥር ሰዓት በኋላ ይሁን። በአንድ ከረጢት ዘጠኝ ችግኝ ይተከላል፣ ሦስት ላዩ ላይ፣ ስድስት ጎኑ ላይ። ለጎኑ ከታች አንድ ስንዝር ለኩና በዙሪያው በእኩል ርቀት ሦስት ቦታ በቢላዋ የመስቀል ቅርጽ ቁረጡ፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ። ከዚያ በላይ ሌላ ስንዝር ለኩና ሌላ ሦስት ቁረጡ፣ በታቹ ቀዳዳዎች ትይዩ ሳይሆን በመሃላቸው። ትልልቅ አድርጋችሁ አትቁረጡ፣ አፈሩ ይዘረገፋል። በጣታችሁ ወደ ውስጥና ወደ ታች ጉድጓድ አበጁ። ሥሩን ሳታጥፉ አስገቡት። ከዚያ ከላይና ከታች አፈሩን ጫን አድርጉት። ቅጠሉን በቀስታ ጎተት አድርጋችሁ ፈትኑ። ተመዞ ከመጣ አልተተከለም፣ ተንጠልጥሏል።

በሁለት በሦስት ቀን ቢጠወልግ አትደንግጡ። ቅጠል ባለው የዛፍ ቅርንጫፍ አጥሉለት፣ ማታ ማታ ቀና ካለ ተርፏል። የተረፈውን ችግኝ አትጣሉ። ከዘጠኙ አንድ ሁለቱ መሞታቸው አይቀርም፣ መተኪያ ነው።

ውሃ። በጥቅምትና በኅዳር በቀን ሦስት ሊትር ያህል ይበቃል። ከየካቲት በኋላ ወደ አምስት ይጠጋል፣ ግማሹን ጠዋት፣ ግማሹን ማታ። አብዛኛውን በድንጋዩ ላይ፣ ጥቂቱን ላይኛው አፈር ላይ አፍስሱት። ቅጠሉን አታርጥቡ። ግን ልኬቱን ከእኔ ይልቅ ከጣታችሁ ጠይቁ። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ ላዩ ላይም፣ በጎን ቀዳዳ በኩልም ክተቱ። ከቀዘቀዛችሁና አፈር ከተጣበቀባችሁ ዛሬ አያስፈልገውም። ሌላም ምልክት አለ። ጎመን ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ጆሮውን ቢጥል ሙቀት ነው፣ ማታ ያነሳዋል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጆሮውን ጥሎ ካገኛችሁት ግን ወይ ጠምቶታል፣ ወይ ሥሩ በውሃ ብዛት እየበሰበሰ ነው። የትኛው እንደሆነ ጣታችሁ ይነግራችኋል።

ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር «ለጎመን ውሃ ከየት?» የምትሉ ትክክል ናችሁ። ሩዝ፣ ምስርና አትክልት የታጠበበትን ውሃ አጠራቅሙ። የእኛ ቤት ከረጢት ግማሽ ሕይወቱን የኖረው በምስር እጣቢ ነው። ሳሙና፣ ዘይት ወይም ጨው የነካው ግን አይሆንም። ከቦይ የተቀዳ ውሃም አይሆንም፣ የሰፈሩን ሽንት ቤት ምን እንደሚያገናኘው አታውቁም።

ጥር አካባቢ እንግዳ ይመጣል፣ ክሽክሽ። ዝናብ በሌለበት ወራት የጎመን ዋና ጠላት እሱ ነው፤ ዝናብ ያጥበዋል፣ በጋ ላይ ግን የሚያጥበው የለም። ላዩን ብቻ የሚያይ ሰው አያገኘውም። ቅጠሉን ገልብጡ። አመድ የተነፋበት የሚመስል፣ ግራጫ፣ የተጠጋጋ መንጋ ታያላችሁ። ቅጠሉ ወደ ውስጥ ይጠቀለላል፣ መሃል ያለው ጨቅላ ቅጠል ይጨማደዳል። ጉንዳን ግንዱ ላይ ሲመላለስ ካያችሁም ተጠራጠሩ። ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ሊልስ ነው የመጣው።

በመጀመሪያው ቀን ካገኛችሁት በጣት መጨፍለቅ ይበቃል። ያስጠላል፣ ግን ይሠራል። በጣም የተጠቀለለውን ቅጠል ቀንጥሳችሁ ከግቢ አውጡ። ከተስፋፋ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጡ፣ በመርጫ ጠርሙስ የቅጠሉን ጀርባ ርጩ። ሳሙናው ተባዩን ካልነካው አይሠራም፣ ቅጠሉ ላይ ደርቆ የሚገድል መርዝ አይደለም። ስለዚህ ላዩን መርጨት ዋጋ የለውም። ፀሐይ ሳትጠልቅ አትርጩ፣ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክራችሁ እደሩ። በየአራት ቀኑ ሦስቴ ድገሙት፣ ከመብላታችሁ በፊት በደንብ እጠቡት። ቀይ ጀርባ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ጥንዚዛ ካያችሁ ደግሞ አትንኳት። እሷ ክሽክሽ በልታ ነው የምታድረው።

ቤት ውስጥ ለእርሻ የተገዛ የተባይ መድኃኒት ተርፎ ይሆናል። ለዚህ አታውጡት። የእኛ ጎመን በየሳምንቱ የሚቀነጠስ ነው፤ መድኃኒቱ ከቅጠሉ እስኪጠፋ የሚጠበቀው ቀን እና የእኛ ቅንጠሳ አይገጣጠሙም።

ስለ በግና ስለ ዶሮ ብዙ አልልም። ያለው ያውቃል። የእኔን የታችኛውን ረድፍ የጎረቤት በግ በአንድ ከሰዓት ጨርሶታል። አሁን እስከ ወገቡ ድረስ እሾህ አስሬበታለሁ።

ከተዛወረ አምስት ሳምንት ያህል ሲሆነው ቅንጠሳ ይጀመራል። ሁልጊዜ ከታች ጀምሩ። ትልቁን ቅጠል ከአገዳው አጠገብ ይዛችሁ ወደ ታችና ወደ ጎን ቀጨት አድርጉት፣ ራሱ ይለቃል። በእያንዳንዱ ተክል ላይ አምስት ቅጠልና መሃል ያለው ጨቅላ ይቅር። አንድ ጊዜ ታናሽ ወንድሜ ሊያግዘኝ ብሎ ጨቅላውን ቀንጥሶታል። ተክሉ ሳይሞት ቆየ፣ በየጎኑ ትናንሽ ቅጠል አወጣ፣ እንደ በፊቱ ሰፋፊ ቅጠል ግን አልሰጠም።

ኅዳር 25 ከዘጠኙ ተክል ሁለት ሁለት ቅጠል፣ በጠቅላላ 18 ቅጠል ቀነጠስኩ። ድስት ውስጥ ሲገባ ሟሸሸ፣ ለአምስት ሰው ጠበበ፣ እማዬ ድንች ጨመረችበት። በሁለተኛው ሳምንት 25 ገደማ ሆነ። ከዚያ በኋላ በየስምንት በየአሥር ቀኑ አንድ ወጥ የሚሆን አላጣንም። ብቻውን ጎመን ከገበያ መግዛትን አላስቀረም፣ በግማሽ ግን ቀንሷል። ሁለት ከረጢት ቢኖረኝ ሌላ ወሬ ነበር።

ከሁለት ሦስት ቅንጠሳ በኋላ የታችኞቹ ቅጠሎች ሳያረጁ ቢጫ ከሆኑ ርቦታል። ሁለት እፍኝ የበሰበሰ ፍግ ላዩ ላይ በትናችሁ በትንሹ ኮትኩቱት፣ በወር አንዴ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀነጠሳችሁትን ቅጠል ከመብላታችሁ በፊት ደጋግማችሁ እጠቡ። ላዩ ላይ ላሉት ነው ይበልጥ የሚደርሳቸው፤ ለጎኖቹ አንድ እፍኝ በድንጋዩ ዙሪያ አድርጉና ውሃ አፍስሱበት።

መሃሉ ሽቅብ መሄድ ሲጀምርና ቢጫ እምቡጥ ሲታይ እምቡጡን ቅጩት። ቅጠሉን ለሌላ ጥቂት ሳምንት ታገኛላችሁ። አንዱን ጠንካራ፣ መጨረሻ ላይ ያበበውን ተክል ግን ተዉት። መጀመሪያ ካበበው ዘር ከወሰዳችሁ ቶሎ የሚያብብ ጎመን እየመረጣችሁ ነው፣ የእማዬን ምጣድ አስታውሱ። ቆባው ደርቆ ቡናማ ሲሆን ሳይፈነዳ ቁረጡት፣ ጨርቅ ላይ አድርቃችሁ እሹት፣ በወረቀት ጠቅልላችሁ ቀን ጻፉበት።

ከረጢቱ ራሱ ከአንድ ዓመት፣ ቢበዛ ከሁለት ዓመት አያልፍም። ፀሐይ ክሩን ይበላዋል፣ ስትነኩት እንደ ደረቅ እንጀራ ይፈረፈራል። ቁርጥራጩ አፈሩ ውስጥ ሳይቀር አፈሩን ወደ አዲስ ከረጢት ገልብጡት፣ ሁለት ጣሳ ፍግ ጨምሩበት። ያው አፈር ላይ ወዲያው ጎመን አትድገሙ፣ አንድ ዙር ቆስጣ ወይም ሽንኩርት ይግባበት።

ክበቡ ያፈላው ትርፍ ችግኝ አለ፣ ጥቅምት 18 ይደርሳል። ዕቃ ግምጃ ቤቱ ጋ፣ ከሰባተኛ ክፍለ ጊዜ በኋላ። ለአንድ ሰው ዘጠኝ። የታጠበ ባዶ ከረጢት ላሳየኝ ብቻ ነው የምሰጠው። ዩሪያውን ያመጣው ልጅ መጀመሪያ ይሰለፍ፣ ይገባዋል።